ግማሹን ብቻ የመለስኩለት መልእክት

ውድ ወጣቶች፣

ባለፈው ሳምንት እኔ በተማርኩበት የሲቪል ምህንድስና ትምህርት ላይ ያለችው የወንድሜ ልጅ ስልኳን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠችና፣ «ጋሼ፣ ይህን መልእክት ለክፍሌ ልጅ ልልክለት ነው፤ ቅር ይለው ይሆን?» ብላ አነበበችልኝ። መልእክቱ እንዲህ ይላል፦ «ሰላም፣ 5ኛውና 6ኛው ሳምንት ላይ ክላስ አልገባሁም። ኖትህን ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፤ አንተ የቀረህበትን የ9ኛውን ሳምንት እኔ እልክልሃለሁ። ፋይናል ሳይደርስ ብታደርስልኝ ደስ ይለኛል።» ጨዋ መልእክት ነው፤ የሚያስቀይም ነገር የለበትም። እኔን ግን ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ ነሳኝ።

ተማሪ ሳለሁ ከአንድ የክፍሌ ልጅ ተመሳሳይ ጥያቄ ደርሶኝ ነበር። ሐዘን ገጥሞት ሁለት ሳምንት ከትምህርት ቀርቶ ሲመለስ፣ በአብሮኝ አዳሪ በኩል በእጁ የጻፋትን ቁራጭ ወረቀት ላከልኝ። ደብተሬን እስከ ሰኞ እንዳውሰው፣ በምትኩም እኔ ታምሜ የቀረሁበትን የምሰሶ ትምህርት የያዘውን የእርሱን ደብተር እንደሚሰጠኝ ገልጾ፣ ከታች «ጊዜ ካገኘህ ደግሞ ግማሽ ሰዓት ቁጭ ብለን ብታስረዳኝ» የሚል አክሎበት ነበር። ደብተሬን የዚያኑ ዕለት ማታ ሰደድኩለት። ስለ ግማሽ ሰዓቷ ግን አንድም ቃል አልመለስኩም። ጽሑፌ የሚነበብ ስለነበር ደብተሩ ብቻውን የሚበቃው መስሎኝ ነበር፤ የራሴ ጥናትም አስጨንቆኝ ነበር።

በእነዚያ ሁለት ሳምንታት መምህራችን ያስተማሩት ሸክም የተጫነበት ቢም፣ ማለትም አግድም የተዘረጋ ተሸካሚ፣ እንዴት እንደሚጎብጥ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ሁለቱም ጫፎቹ ድጋፍ ላይ የተቀመጡ ቢም ሠራን፤ እንዲህ ያለው ቢም ሸክም ሲያርፍበት መሐሉ ወደ ታች ስለሚረግብ የታችኛው ገጽታው ይሳባል፣ ሸክሙ በርዝመቱ እኩል ሲዘረጋም ቢሙን የሚያጎብጠው ትልቁ ሞመንት `wL²/8` ይሆናል፤ `w` በእያንዳንዱ ሜትር የሚያርፈው ሸክም፣ `L` የቢሙ ርዝመት ነው። በተከታዩ ሳምንት አንዱ ጫፉ ግድግዳ ውስጥ ተቀብሮ ሌላው ጫፉ አየር ላይ የቀረውን፣ ካንቲሊቨር የሚባለውን ሠራን፤ በዚህኛው የሚሳበው የላይኛው ገጽታ ነው፣ ትልቁ ሞመንት ግድግዳው ላይ ይሆናል፣ መጠኑም `wL²/2` ነው። መምህሩ ይህን ሲያስረዱ ማስመሪያ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አስቀምጠው አንዱን ጫፍ በመዳፋቸው ተጭነው ያዙና ሌላውን በጣታቸው ወደ ታች ገፉት። ማስመሪያው የጎበጠበት መንገድ አሁንም ዓይኔ ላይ አለ፤ ከዚያ በኋላ የአርማታው ፌሮ በሚሳበው በኩል፣ ከላይ፣ መሆን እንዳለበት ማንም ሊነግረኝ አያስፈልግም ነበር።

ደብተሬ ውስጥ ግን ማስመሪያው የለም። የመጀመሪያውን ቀመር በትልቁ ጽፌ በቀይ አጥሬዋለሁ፤ ሥዕል አልሣልኩም። ሁለተኛውን ዳር ላይ በትንሹ «ካን. /2» ብዬ አልፌዋለሁ። ክፍል ውስጥ ለነበርኩት ለእኔ ይህ በቂ ነበር። የራስ ኖት የሰማነውን የሚያስታውስ ምልክት እንጂ ትምህርቱ ራሱ አይደለም፤ ያልነበረ ሰው እጅ ሲገባ ያ ምልክት ምንም ነገር አያስታውስም።

ፋይናሉ ላይ ከግድግዳ 2 ሜትር ወጣ ብሎ የተንጠለጠለ፣ በእያንዳንዱ ሜትር 10 ኪሎኒውተን የሚጫንበት ቢም መጣ። ጓደኛዬ በቀይ የታጠረውን ቀመር ወስዶ 10ን በርዝመቱ ካሬ፣ ማለትም በ4፣ አባዝቶ ለ8 አካፈለና 5 ኪሎኒውተን ሜትር አገኘ። ትክክለኛው 10 በ4 ተባዝቶ ለ2 ሲካፈል የሚገኘው 20 ነው። ከአራት እጅ አንዱን ብቻ አሰበ ማለት ነው። በዚያ ላይ ፌሮውን ከታች ሣለው። አርማታ ሲጨመቅ ጠንካራ፣ ሲሳብ ግን ደካማ ስለሆነ ስበቱን መሸከም ያለበት ፌሮው ነው፤ የእርሱ ፌሮ ስበት በሌለበት በኩል ተኝቷል። እንዲህ ተሠርቶ ቢሆን ኖሮ ግድግዳው ጥግ፣ ከላይ በኩል፣ ስንጥቅ ይጀምርና ቢሙ ከዚያው ይገነጠላል።

ትምህርቱን ወደቀና በዓመቱ ደገመው። የታረመውን ወረቀት ሲያሳየኝ «ይህን እንኳ አታውቅም?» አልኩት። እስከ ዛሬ የሚቆጠቁጠኝ ደብተሩ ሳይሆን ይህ አፌ ነው። እርሱ አልተቆጣም፤ ደብተሬን ከፍቶ ዳሩን በጣቱ እያሳየኝ «ይህ ‹ካን.› ያልከው ምንድን ነው? የመጽሐፍ ስም መስሎኝ ነበር» አለኝ።

የእርሱ ደብተር እንዲህ አልነበረም። ምሰሶ በጭነት ብዛት ወደ ጎን ጎብጦ የሚከዳበትን ሁኔታ ሲጽፍ የእያንዳንዱን ጫፍ አያያዝ በሥዕል አስቀምጧል። ሥሩ የተቀበረ፣ አናቱ ግን ነጻ የሆነው ምሰሶ አጠገብ አንድ ተማሪ የጠየቀውን «ርዝመቱ ለምን እጥፍ ሆኖ ይታሰባል?» የሚል ጥያቄ ከመምህሩ መልስ ጋር ጽፎታል፦ የዚህ ምሰሶ ጉብጠት ሁለቱም ጫፎቹ ማጠፊያ ላይ የተቀመጡ፣ በርዝመቱ እጥፍ የሆነ ምሰሶ የሚጎብጠውን ግማሽ ይመስላል፤ ርዝመቱ እጥፍ ሲታሰብ ደግሞ የሚችለው ጭነት ወደ ሩብ ይወርዳል። ፈተናው ላይ ይኸው መጣ፤ እኔ በእርሱ ደብተር ሠራሁት፣ እርሱ በእኔ ደብተር ወደቀ።

ዛሬ አንድ ሰው በአንድ ሌሊት አርባ ፎቶ ይልካል፣ ተቀባዩም አርባውን ስልኩ ውስጥ አስቀምጦ ያጠና ይመስለዋል። ይህ ያሳዝነኛል። የተቀበላችሁትን በእጃችሁ ገልብጡት እላለሁ፤ ቀመሩ ያለ ሥዕል እንደቆመ፣ ምሳሌው መሐል ላይ አንድ እርምጃ እንደዘለለ የሚታወቀው ብዕር ሲይዙ ነው። እውነቱን ለመናገር ግን እኔ የጓደኛዬን ደብተር አልገለበጥኩም፤ አንብቤው ብቻ ገባኝ፤ እንዲያ ያለ ደብተር ግን ሁልጊዜ አይገኝም። ስለዚህ ከመገልበጥም ይልቅ ይህን አድርጉ፦ ከቀራችሁበት ሳምንት የቤት ሥራ አንድ ጥያቄ ውሰዱና በዚያ ኖት ብቻ ሥሩት። ጓደኛዬ ከቀረበት ከሁለተኛው ሳምንት አንድ ጥያቄ ቢሞክር ኖሮ መልሱ ከመምህሩ መልስ ጋር አራት እጥፍ ሲራራቅበት ያን ዕለት ይነቃ ነበር። ሳይገባችሁ የቀረውን ቦታ ምልክት አድርጉበት፤ ግማሽ ሰዓቷ የምታስፈልገው ለእነዚያ ምልክቶች ነው።

ኖት የምትሰጡትም ብትሆኑ ከማቀበላችሁ በፊት አምስት ደቂቃ ተቀምጣችሁ ምህጻረ ቃሎቻችሁን ዘርዝሩ፤ ከየቀመሩ አጠገብ የትኛው ዓይነት ቢም እንደሆነ ጻፉበት። መምህሩ በኋላ ያረሙት ነገር ካለም እዚያው ላይ አስተካክሉት።

በማግስቱ ለወንድሜ ልጅ ይህን ሁሉ ነገርኳት። መልእክቷን እንዲህ አድርጋ ጻፈችው፦ «ሰላም፣ 5ኛውና 6ኛው ሳምንት ላይ ቀርቻለሁ፤ የቢም ጉብጠትና ካንቲሊቨር ነው መሰለኝ። ኖትህን እስከ ሐሙስ ብትልክልኝ የዚያን ሳምንት የቤት ሥራ በእርሱ ልሞክርና ያልገባኝን ይዤ ቅዳሜ ግማሽ ሰዓት ብንቀመጥ ደስ ይለኛል። የ9ኛውን ሳምንት ኖቴን ሥዕሎቹን አስተካክዬ ዛሬ ማታ እልክልሃለሁ፤ አንተም ጥያቄህን ይዘህ ና።» ልጁም ብዙ ሳይቆይ፣ 6ኛው ሳምንት ለእርሱም በደንብ እንዳልገባው ጽፎ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እንገናኝ አላት።