ጥያቄና መልስ፦ ጉልበቱ የተለያየ ቡድን ይዞ መንዝ ጓሳ መውጣት

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ስምንት ነን። አራታችን ከአዲስ አበባ፣ ሦስቱ ከአዳማ፣ አንዷ እህታችን ደግሞ ከውጭ ትመጣለች። 62 ዓመት የሞላት እናቴም አብራን አለች። ቅዳሜና እሁድ ጓሳ ወጥተን ብንመለስስ?

መልስ፦ አይበቃችሁም። አዳማ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጓሳ ግን ከ3,200 በላይ ነው። የአዳማዎቹ በአንድ ቀን መኪና ተሳፍረው እዚያ ቢያድሩ ከፍታው ሳይለምዳቸው ሌሊቱ ይመጣባቸዋል። የጉዞ ክብደት የሚለካው በኪሎ ሜትር ብቻ አይደለም፤ የምታድሩበት ከፍታ ይበልጣል። ከ3,000 በላይ ስትሆኑ መኝታችሁን በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ አታስበልጡት።

ስለዚህ ሐሙስ ደብረ ብርሃን እደሩ፤ 2,800 ሜትር ገደማ ናት። ዓርብ ጓሳ ግቡና በሰፈሩ ዙሪያ ለአንድ ሰዓት ብቻ ተንቀሳቀሱ። ቅዳሜ የእረፍት ቀን ይሁን፤ ረጅሙን ጉዞ እሁድ አድርጉት፤ ሰኞ ተመለሱ። እህታችሁ ከባሕር ጠለል አካባቢ ከሆነ የምትመጣው፣ አስቀድማ ሁለት ሌሊት አዲስ አበባ ትደር። እናታችሁ ደግሞ የልብ ወይም የሳንባ ችግር ካለባቸው ሐኪማቸውን ሳያማክሩ አይውጡ። መንገዱ ሰላም መሆኑን ከመነሳታችሁ በፊት ከአካባቢው ሰው አጣሩ።

ጥያቄ፦ እኔ በየቀኑ እሮጣለሁ። ከፍታ የሚይዘው ስፖርት የማይሠራውን ነው፤ ደግሞ አዲስ አበባ የኖረ ሰው ለምዶታል።

መልስ፦ ሁለተኛው ግማሽ እውነት አለው፤ የአዲስ አበባ ሰው ከአዳማው የተሻለ ይችላል። ቢሆንም ጓሳ ከእናንተ ሰፈር ብዙ መቶ ሜትሮች ከፍ ይላል። የመጀመሪያው ግን ልክ አይደለም። ጠንካራ ሳንባና እግር ከከፍታ ሕመም አይጠብቅም። እንዲያውም ሯጩ በመጀመሪያው ቀን ፈጥኖ ይወጣና ማታ ራሱን ይዞ ይቀመጣል፤ ቀስ ብለው የሄዱት እናት ደህና ያድራሉ። አንተ ከኋላ ሁን፤ ፊት የሚመራው ከሁሉም ዘገምተኛው ይሁን። እየሄደ ትንፋሹ ሳይቆራረጥ ማውራት ከቻለ ፍጥነቱ ልክ ነው።

ጥያቄ፦ የእረፍት ቀኑ ተኝቶ መዋል ነው? ቀን ማባከን መሰለኝ።

መልስ፦ ተኝቶ መዋል አይደለም። ጠዋት ፀሐይ ውርጩን እስክታነሳው ጠብቁና፣ ጅባራው ወዳለበት ሜዳ አንድ ሁለት ሰዓት ሂዱ፤ ጭላዳዎቹ ሣር ሲነጩ ተቀምጣችሁ እዩ። የሚችሉት ትንሽ ከፍ ብለው ይመለሱ፤ ሁሉም ግን ዝቅ ብሎ እዚያው ሰፈር ይደር። ብዙ ቡድን ይህን ቀን መጨረሻ ላይ ያስቀምጠዋል፤ እዚያ ለሰውነት አይጠቅምም። ከረጅሙ ጉዞ በፊት መሆን አለበት።

እሁድ 10 ኪሎ ሜትር ከ400 ሜትር ዳገት ጋር መረጣችሁ እንበል። በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር፣ ለ600 ሜትር ዳገት ደግሞ አንድ ሰዓት ብታስቡ 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይሆናል። ለእናታችሁና ላልለመዱት ግማሽ ጨምሩ፤ 4 ሰዓት ነው። ቀኑን በ4 ሰዓቱ አስሉ። በቅሎም ተከራዩ፤ የደከመው ሰው በግማሽ መንገድ ይመለስበታል።

ጥያቄ፦ እኔ ጉልበቴን ያመኛል። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና በእግር ብወርድ ይሻለኛል?

መልስ፦ ያ ሌላ ጉዳይ ነው። ቁልቁለቱ ለሳንባ ይቀላል፤ ጉልበትን ግን የሚያደክመው ዳገት ሳይሆን እሱ ነው። ለእርስዎ የጓሳው ሜዳ ይሻላል። መውረድ ካለብዎት ሁለት ከዘራ ይያዙ፣ እርምጃዎን ያሳጥሩ።

ጥያቄ፦ ተራ ራስ ምታትን ከክፉው በምን እለያለሁ? የከፍታ ሕመም መከላከያ የሚሉትን ክኒን፣ ዳያሞክስንስ ልያዝ?

መልስ፦ ራስ ምታት ከማቅለሽለሽ ወይም ከምግብ መጥላት ጋር ከመጣ፣ ሌላ ምክንያት እስኪገኝለት የከፍታ ሕመም ነው በሉ። የዚያን ቀን ሽቅብ አይሄድም፤ ያርፋል፣ ውሃ ይጠጣል። ማታ ሁሉንም በመሬት ላይ ቀጥ ባለ መስመር፣ ተረከዝን ከጣት ጫፍ እያገጣጠሙ አስሄዱ። የተንገዳገደ፣ ንግግሩ የተዘባረቀ፣ ወይም ተቀምጦ ሳለ የሚያለከልክ ሰው እስኪነጋ አይጠበቅም፤ ዝቅ ወዳለ ቦታ ይወሰድ። ጓሳ ሰፊ ደጋ ነውና በእግር ቶሎ ዝቅ አይባልም፤ ስለዚህ መኪናውና ሹፌሩ አብረዋችሁ ይደሩ። ያወረዳችሁትን ሰው መልሳችሁ አታውጡት፤ መኪናውን ማስቆየቱ ውድ ነው ብላችሁም አትሰስቱ።

ዳያሞክስን በተመለከተ በዚህ ዕቅድ ለአብዛኛው አያስፈልግም ባይ ነኝ። ለእህታችሁ ግን ሐኪም ይወስን።

ሌላ አባል፦ እኔ ወስጄ ደህና ወጣሁ፤ ሁሉም ይውሰድ እላለሁ።

መልስ፦ ያለ ክኒኑም ደህና ልትወጣ ትችል ነበር፤ በአንድ ሰው አይታወቅም። የሰልፋ መድኃኒት አለርጂ ያለበት ደግሞ ሳይጠይቅ እንዳይነካው።