በሁለት ቋንቋ የሚወጣ ማስታወቂያ ርዝመቱ ሲለያይ

«የነዋሪዎች ስብሰባ ማስታወቂያው በአማርኛ አንድ ገጽ ሞላ፣ በእንግሊዝኛ ግን አምስት መስመር ብቻ ሆነ፤ እንዴት ላመጣጥነው?»

ርዝመቱን ተዉት፤ እኩል መሆን ያለበት አንባቢው ምን ማድረግ እንዳለበት የሚወስነው መረጃ ነው። ስለዚህ አንዱን ከሌላው ከመተርጎም ይልቅ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ ተሰብሳቢው ይዞ የሚመጣውንና የሚደውልበትን ስልክ አስቀድመው በአንድ ወረቀት ላይ ይዘርዝሩና ሁለቱንም ጽሑፎች ከዚያው ዝርዝር ተነስተው ለየብቻ ይጻፉ።

የቀረው እንደ አንባቢው ይለያያል። በአማርኛው «ባለፈው ስብሰባ በተወሰነው መሠረት» ማለት ሊበቃ ይችላል፤ የእንግሊዝኛው አንባቢ በዚያ ስብሰባ ካልነበረ ግን የተወሰነው ምን እንደሆነ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጨመርለት። በአንጻሩ «በታላቅ አክብሮት እናሳስባለን» የሚለው በእንግሊዝኛ «እባክዎ» በምትለው ቃል ያልቃል። የአማርኛውን ገጽ የሞላው ይኸው የአክብሮት አነጋገር ከሆነ ምንም የጎደለ ነገር የለም፤ ጎድሎ የተገኘው ከዝርዝሩ ከሆነ ግን እንግሊዝኛው ይታረም።

አንድ ነገር ይጠንቀቁ። እኔ በአንድ ወቅት «ከቀኑ 9 ሰዓት» የሚለውን ቁጥሩን ሳልቀይር ወደ እንግሊዝኛው ስለገለበጥሁት እንግዶቹ በጠዋት መጥተው የተዘጋ በር ጠበቃቸው። የእኛ ከቀኑ 9 ሰዓት በእንግሊዝኛው ከሰዓት በኋላ 3 ነው፤ ጥቅምት 8 ቀን 2018 ደግሞ ኦክቶበር 18 ቀን 2025 ነው። የዕለቱን ስም፣ ለምሳሌ ቅዳሜን፣ በሁለቱም ላይ ይጻፉ፤ ቀኑ ሲቀየር ስህተት ከገባ ወዲያው የሚያጋልጠው እሱ ነው።