ብራንዱን ተይውና ጀርባውን አንብቢ

«ጅማ ያላችሁ እስቲ እርዱኝ። የቆርቆሮ ቱናና የታሸገ ሥጋ የትኛው ብራንድ ይሻላል? አንዱ ዘይት ብቻ ነው፣ አንዱ ጨው ነው፣ አንዱ ደግሞ ሥጋም አይመስልም። ባለሱቆቹ ሁሉም የየራሳቸውን ነው የሚያመሰግኑት።»

እህቴ፣ ቁርስ ቤት ልትከፍቺ ነው መሰለኝ። እኔም ዩኒቨርሲቲው በር አካባቢ ስጀምር እንደ አንቺ ስም ነበር የምጠይቀው። ስም ግን አልነግርሽም፣ ደብቄሽ አይደለም። አንዱ ስም ራሱ በዘይት፣ በውሃ፣ ሙሉውን፣ ፍርፋሪውን እያለ አራት ዓይነት ያወጣል። ስሙን ይዘሽ ትሄጂና ሌላውን ገዝተሽ እኔን ትረግሚያለሽ። ይልቅ በቁጥር ላስቀምጥልሽ።

1. «ድሬይንድ ዌይት» የሚለውን ፈልጊ። ፊት ለፊት በትልቁ የሚጻፈው ኔት ዌይት ዓሣውን ከነፈሳሹ ነው። ድሬይንድ ዌይት ግን ዘይቱ ወይም ውሃው ተንጠፍጥፎ ሲያልቅ የሚቀርልሽ ዓሣ ነው። ብዙ ጊዜ ከጀርባ፣ በጉንዳን ፊደል ነው የሚጻፈው።

እኔን ያቃጠለኝ ይኼ ነው። ሁዳዴ ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው (ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለካህናት ትቼዋለሁ፣ እኔ ጋ በጾም ቱና ሳንድዊች ይሸጣል) አንድ አከፋፋይ ጋ ሄድኩ። የለመድኩት ጣሳ 195 ብር ነበር። «ይኼን ውሰጂ፣ 165 ነው፣ ያው ቱና ነው» አለኝ። በአንድ ጣሳ 30 ብር! ደስ ብሎኝ ካርቶኑን፣ 48 ጣሳ፣ በ7,920 ብር አስጫንኩ።

በማግስቱ ከአንዱ ጣሳ ሦስት ሳንድዊች አልወጣ አለ። ሁለት እሠራለሁ፣ የምትተርፈው ለግማሽ ትሆናለች። ልጅቷን ተቆጣኋት፣ አበዛሽ ብዬ። ምስኪን፣ ምንም አላደረገችም። ጎረቤታችን ቡና ነጋዴ ነው፣ ናሙና የሚመዝንባትን ትንሽ ሚዛን ለመንኩት። ሁለቱንም ጣሳ ወንፊት ላይ ገልብጬ፣ እስኪንጠፈጠፉ ጠብቄ መዘንኩ። የድሮው ወደ 130 ግራም ዓሣ አለው። አዲሱ ወደ 100። ከዚያ በኋላ ነው ጣሳውን አገላብጬ ያነበብኩት። የድሮው ኔት 185፣ ድሬይንድ 130 ይላል። አዲሱ ኔት 170፣ ድሬይንድ 102።

አሁን አስይው። 195ን ለ130 ስታካፍይ 100 ግራም ዓሣ 150 ብር ይመጣል። 165ን ለ102 ስታካፍይ 162 ብር ገደማ። ርካሹ ነው ውዱ! በዚያው ብር የድሮውን 40 ጣሳ ብገዛ 120 ብር ተርፎኝ 300 ግራም ዓሣ እጨምር ነበር። ሰባት ሳንድዊች ማለት ነው።

ካርቶኑን ልመልስ ስል «ከፍተሽዋል፣ አይመለስም» አለኝ። አቤቱታ ልበል ብዬ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። ሁለት ቀን ነገ ነይ ተባልኩ። በሦስተኛው ቀን መስኮቱ ጋ ያለው ልጅ ቀና እንኳ ሳይል ጣሳውን አገላበጠና «ተጽፎ የለ እንዴ እታለም? ማንበብ አትችይም?» አለኝ። አነጋገሩ እስካሁን ያንገበግበኛል። የሚያናድደው ደግሞ ልክ ነበር። ተጽፏል።

2. የዓሣውን አቆራረጥ እይ። «ሶሊድ» ትልልቅ ቁራጭ ነው፣ «ቸንክ» መካከለኛ፣ «ፍሌክስ» ወይም «ሽሬድድ» ፍርፋሪ። ፍርፋሪ ዘይቱን እንደ ስፖንጅ ስለሚይዝ ብታጠልይውም ዳቦውን ያርሰዋል። የእኔው 165 ብር ፍሌክስ ነበር፣ እሱንም አላነበብኩም። ዘይቱ «ቬጀቴብል ኦይል» ብቻ ከተባለ የምን እንደሆነ አልነገረሽም ማለት ነው። የሱፍ ወይም የአኩሪ አተር ብሎ የጻፈውን እመርጣለሁ። «ቬጀቴብል ብሮዝ» የሚል ካየሽ ደግሞ ብዙ ጊዜ አኩሪ አተር አለበት፣ አለርጂ ያለበት ሰው ካለ ተጠንቀቂ።

3. ጨው። አማቴ ግፊት አለባቸው፣ አንቺም ቤት አንድ አይጠፋም። «በውሃ» ስለሚል ጨው የለውም ብዬ ሳበላቸው ከረምኩ። ውሃው ብዙ ጊዜ የጨው ውሃ ነው፤ «ብራይን» ማለት እሱ ነው። ሰንጠረዡ ላይ ደግሞ ሌላ ተንኮል አለ። አንዱ ጣሳ ሶዲየም 180 ሚሊግራም ይላል፣ ሌላው 290። 180ውን ልታነሺ እጅሽን ሰደድሽ አይደል? ቆይ። የመጀመሪያው የጻፈው ለ56 ግራም ነው፣ ሁለተኛው ለ100 ግራም። 180ውን ወደ 100 ግራም ስትቀይሪው 320 ይደርሳል። ሁሌም 100 ግራም ላይ አምጥተሽ አወዳድሪ። ሶዲየሙን በሁለት ተኩል ስታበዢው ጨው ይሆናል፣ 320ው 0.8 ግራም ጨው ነው ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ይላል። አሁን የአማቴን የውሃውን እገዛና ወንፊት ላይ በቧንቧ ውሃ አጥባለሁ። ጨዉ ጥሩ አድርጎ ይቀንሳል። ጣዕሙም አብሮ ይሄዳል፣ እሳቸውም «ገለባ አበላሽኝ» ይሉኛል። ሎሚና ቃሪያ እጨምርበታለሁ።

ሥጋውስ? እዚያ ደግሞ ሥዕሉን አትመኚ። በሬ የተሣለበት «ላንቺን» ገዝቼ ጀርባው ላይ መጀመሪያ የተጻፈው በማሽን ከአጥንት የተለየ የዶሮ ሥጋ ነበር። ሁለተኛ ውሃ፣ ሦስተኛ ስታርች፣ ከዚያ የአኩሪ አተር ፕሮቲን። የበሬው ሥጋ ከእነዚህ በኋላ ነው የመጣው። ዝርዝሩ የሚጻፈው በክብደት ቅደም ተከተል ስለሆነ ውሃና ስታርች ከሥጋው ቀድመው ከመጡ ሌላ ማስረጃ አትፈልጊ። ጥሩ «ኮርንድ ቢፍ» ዝርዝሩ አጭር ነው፦ የበሬ ሥጋ፣ ጨው፣ ስኳር፣ ሶዲየም ናይትራይት። ናይትራይቱ (ኢ 250) ሥጋውን ሮዝ የሚያደርገውና ከመርዛማ ባክቴሪያ የሚጠብቀው ነው እንጂ መሙያ አይደለም። ጨዉ ግን ይበዛል። 100 ግራሙ 900 ሚሊግራም ሶዲየም ካለው የቀኑን ጨው ግማሽ ሊጨርስ ምንም አልቀረውም። ለአማቴ አላቀርበውም።

ከተጠራጠርሽ መጥበሻ ላይ ጣይው። ኮርንድ ቢፍ ሲሞቅ ስቡ ይቀልጥና ሥጋው ይበታተናል፣ ጭረቱ ይታይሻል። ስታርች የበዛበት እንደ ሳሙና ቅርጹን ይዞ ይጠበሳል። እኔ እልኸኛ ነኝ፣ ከፋርማሲ አዮዲን ገዝቼ ቁራጩ ላይ አንድ ጠብታ ጣል አደረግኩ። ቡናማው ወዲያው ጥቁር ሰማያዊ ሆነ። ስታርች ነው። ኮርንድ ቢፉ ላይ ቀለሙ አልተለወጠም። አኩሪ አተሩን ግን አዮዲን አያሳይሽም፣ እሱን ማንበብ ነው። የሞከርሽበትን ቁራጭ ጣይው፣ እንዳይበላ።

ያበጠ ወይም ስፌቱ ላይ የተጨረመተ ጣሳ በግማሽ ዋጋም ቢሆን አትንኪ። ሀላል ምልክቱንም ሥጋው ላይ እይ፣ ደንበኛሽ መጠየቁ አይቀርም።

ያ ካርቶን ምን ሆነ ካልሽ፣ ሳንድዊቹን ትቼ ረመዳን ላይ ከተቀቀለ ድንች፣ ከሽንኩርትና ከቃሪያ ጋር ሳምቡሳ አደረግኩት። ዘይቱን ድንቹ መጠጠው። ከአስር ሰዓት ጀምሮ ሰልፍ ነበር። ስለዚህ ሳምቡሳ ከሆነ የምትሠሪው ፍሌክሱን ግዢ፣ ለሱ ሶሊድ ማባከን ነው። ግን ማካፈሉን እንዳትረሺ።