ቨርቹዋል አሲስታንት መሆን ለምትፈልጉ፦ 20 ሰዓት እንዴት ይሸጣል?

ልጆች፣ ብዙዎቻችሁ የምትልኩልኝን ሲቪ አያለሁ። ኢሜይል፣ ካላንደር፣ ዳታ ኢንትሪ፣ ሶሻል ሚዲያ፣ ዲዛይን፣ ምን የሌለበት አለ። የትንሽ ንግድ ባለቤት ግን ይህን ዝርዝር አይገዛም። እንቅልፍ የሚነሳው አንድ ወይም ሁለት ነገር አለ፣ የሚከፍለው ለእሱ ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ኬተሪንግ ያላት አንዲት እህታችንን አስቡ። ቀኑን ሙሉ ማድቤት ናት። ለክርስትና ወይም ለቢሮ ምሳ ምግብ ለማዘዝ የሚፈልግ ሰው ኢሜይል ይጽፍላታል፤ ማታ ደክሟት ስትከፍተው ሰውየው ሌላ ጋ አዟል። ያበላችበትን ኢንቮይስ ደግሞ ለመላክ ጊዜ ስለሌላት ገንዘቧ ሰው እጅ ይከርማል። በቃ፣ የምትሸጡላት የሥራ ጥቅል እነዚህን ሁለት ነገሮች ይያዝ።

በወር 20 ሰዓት በሉና በሳምንት አምስት አምስት አካፍሉት። ኢሜይል በቀን ግማሽ ሰዓት፣ በአምስት ቀን ሁለት ሰዓት ተኩል ይሆናል። ኢንቮይስ መላክና ያልከፈለን ማስታወስ አንድ ሰዓት። ካላንደርና የትዕዛዝ ማረጋገጫ ሌላ አንድ ሰዓት። የቀረችው ግማሽ ሰዓት ለዓርብ ሪፖርት ናት። ኢንስታግራም መለጠፍ፣ ሜኑ ዲዛይን ማድረግ፣ ከምሽት በኋላ ስልክ ማንሳት እዚህ ውስጥ እንደሌሉ በግልጽ ጻፉት፤ ካልጻፋችሁት "እባክሽ ይህቺን ብቻ" እየተባለ 20ው ሰዓት 35 ይሆናል። ይህን ቶሎ ለማወቅ ክሎኪፋይ ወይም ቶግል ላይ ሰዓት መዝግቡ። ሁለተኛው ሳምንት ሲያልቅ 10 ሰዓት ካለፋችሁ ያኔውኑ ንገሯት፤ በወሩ መጨረሻ መንገር ጭቅጭቅ ነው።

የኢሜይሏን ፓስወርድ አትቀበሉ። ብትሰጣችሁም አይሆንም በሉ። ጂሜይልን በኮምፒውተር ከፍታ Settings ውስጥ Accounts and Import የሚለው ጋ ትግባና Grant access to your account በሚለው የእናንተን አድራሻ ትጨምር። ግብዣውን በሳምንት ውስጥ ተቀበሉ፣ አለዚያ ጊዜው ያልፍበታል። ከዚያ በራሳችሁ አካውንት ሆናችሁ የእሷን ኢሜይል ታነባላችሁ፣ ትመልሳላችሁ፤ ፓስወርዷን ግን መቀየር አትችሉም። ሥራው ሲያበቃ እሷ አንድ ጊዜ ተጭና ታወጣችኋለች።

ኢሜይሉን በሦስት ሌብል ለዩት፦ "ዛሬ"፣ "መልስ እየጠበቅን"፣ "ለአንቺ ብቻ"። ለትዕዛዝ ጥያቄ አንድ የተዘጋጀ መልስ ይኑራችሁ፤ ቀን፣ የእንግዳ ብዛት፣ ጾም ወይስ ፍስክ፣ አድራሻ፣ ምግቡ የሚደርስበት ሰዓት፣ ሁሉንም ባንድ ጊዜ የሚጠይቅ። አንድ በአንድ ከጠየቃችሁ ደንበኛው ይሰለቻል። ዋጋ ግን ከራሳችሁ አትጥሩ፤ እሷ ከሰጠቻችሁ ዝርዝር ውጪ የሆነ ሁሉ "ለአንቺ ብቻ" ውስጥ ይግባ።

አሁን ሰውን ጉድ የሚሠራው ሰዓት ነው። አዲስ አበባ ከሲልቨር ስፕሪንግ በበጋቸው 7፣ በክረምታቸው 8 ሰዓት ትቀድማለች፤ እነሱ በመጋቢትና በኅዳር አካባቢ ሰዓታቸውን ይቀይራሉ፣ እኛ አንቀይርም። በዚያ ላይ እሷ በአማርኛ ስታወራ "ቅዳሜ ማታ 12 ሰዓት" ትላለች፣ ደንበኛዋ ግን የጻፈው 6 PM ነው። ካላንደራችሁ በአዲስ አበባ ሰዓት ተሞልቶ 6 PM ብላችሁ ከመዘገባችሁት፣ በበጋቸው ከሆነ እሷ ስልክ ላይ 11 AM ሆኖ ይታያል። ጥብሱ ለምሳ ደረሰ፣ እንግዳው ለእራት። ስለዚህ ጉግል ካላንደር ላይ ዋናውን ሰዓት የእሷን አድርጉ፣ የአዲስ አበባውን Display secondary time zone በሚለው በጎን አሳዩት። ማረጋገጫ ስትልኩ ቀኑን፣ 6 PM የሚለውንና የከተማውን ስም አብራችሁ ጻፉ።

ይህ የሰዓት ልዩነት ጥቅምም አለው፤ በበጋቸው እናንተ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ብትጀምሩ እዚያ ገና ጠዋት 1 ሰዓት ነው። እሷ ቡናዋን እስክትጨርስ የሌሊቱ ጥያቄ ተመልሶ ይጠብቃታል።

የዓርቧ ሪፖርት ከአንድ ገጽ አትለፍ። ስንት ጥያቄ መጣ፣ ስንቱ ትዕዛዝ ሆነ፣ ማን አልከፈለም፣ ስንት ሰዓት ቀረ። ምስጋናና ሐተታ አይግባበት፣ ሰው ቆሞ የሚያነበው ነገር ነው።

ኢንቮይሱን በዌቭ ወይም በኩዊክቡክስ ስትሠሩ እሷ እንደ ተጠቃሚ ትጋብዛችሁ፣ የባንኳን መግቢያ ግን እጃችሁ ላይ አታስገቡ። አንድ ቀን ደግሞ ሥጋ ከሚያቀርብላት ሰው የመጣ የሚመስል "የባንክ ቁጥራችን ተቀይሯል" የሚል ኢሜይል ይመጣል። አጻጻፉ አንድ ዓይነት፣ አድራሻው ላይ ግን አንዲት ፊደል የተቀየረች ልትሆን ትችላለች። ለኢሜይሉ አትመልሱ፣ ቁጥሩንም አትቀይሩ። እሷ በድሮው ስልክ ቁጥር ራሷ ደውላ እስክታረጋግጥ ክፍያው ባለበት ይቆይ።