ዝናቡ መስታወት ላይ የተለጠፈ ሲመስል

«ጋሼ፣ አንድ ወጣት ደረቅ ግቢ ውስጥ ቆሞ በስልክ ሲያወራ ቀርጫለሁ። ምስሉ 1920 በ1080፣ በሴኮንድ 25 ፍሬም፣ ሹተሩ 1/50፣ ሌንሱ 35 ሚሊሜትር፣ ካሜራው ፉል ፍሬም ነው። ልጁ ከካሜራው 4 ሜትር፣ ከጀርባው ያለው ግንብ 10 ሜትር ይርቃል። ከኢንተርኔት ያወረድኩትን የዝናብ ቪዲዮ በ`Screen` ስደርብበት ምስሉ ሁሉ ግራጫ ሆነ፤ ዝናቡም መስታወት ላይ የተለጠፈ ይመስላል። ጓደኛዬ ብሩህነቱን ጨመረልኝ፤ ጭራሽ ባሰበት። የራሴን ዝናብ በውሃ ጎማ ብቀርጽስ?»

ወንድሜ፣ ምስሉ ግራጫ ሆነ ስትል ጥርጣሬዬ ወዲያው ያወረድከው ቪዲዮ ላይ አረፈ። ከዝናቡ ጀርባ ያለው ጥቁር እውነተኛ ጥቁር አይደለም። በነጻ የሚታደሉት የዝናብ ቪዲዮዎች ደጋግመው ስለተጨመቁ ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው፤ ስንት ሰዓት እንዳባከኑብኝ እኔ አውቃለሁ። `Screen` ከጥቁር ከፍ ያለውን ሁሉ ምስሉ ላይ ያክላል። ጓደኛህም ያበራው ዝናቡን ብቻ ሳይሆን ያንን ግራጫ ጭምር ነው። የእሱን ማስተካከያ አጥፋው፤ ከዚያ በ`Levels` ባዶው ቦታ ፍጹም እስኪጠቁር ድረስ የጥቁሩን ነጥብ ወደ ቀኝ ግፋው።

የመለጠፉ ነገር ግን ሌላ ነው። አንድ ንብርብር ብቻ ስለደረብህ የቅርቡም የሩቁም መስመር እኩል ሆኗል። እዚህ ላይ ትንሽ ታገሠኝ፤ ይህን የተረዳ ሰው ሌላውን ሁሉ በራሱ ይደርስበታል። ዝናብ ሲዘንብ በዓይናችን የምናየው መስመር በእውኑ የለም፤ ያለው ጠብታ ነው። መስመሩ ሹተሩ ተከፍቶ ሳለ ጠብታው የተጓዘው መንገድ ነው። 2 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ጠብታ በሴኮንድ 6.5 ሜትር ያህል ይወርዳል፤ በ1/50 ሴኮንድ 13 ሴንቲሜትር ይሄዳል ማለት ነው። ይህ 13 ሴንቲሜትር የትም ቦታ ያው ነው፤ የሚለወጠው ከካሜራው ያለው ርቀት ነው። በአንተ ሌንስ 2 ሜትር ላይ ያለው መስመር 120 ፒክስል ያህል ይረዝማል፤ በልጁና በግንቡ መካከል፣ 7 ሜትር ላይ፣ 35 ፒክስል፤ ግንቡ ዘንድ 24 ፒክስል ብቻ። ውፍረቱም አብሮ ይቀንሳል፤ 2 ሜትር ላይ 2 ፒክስል የነበረው 7 ሜትር ላይ ግማሽ ፒክስል ነው። ስለዚህ ሩቅ ያለው ዝናብ መስመር መሆኑ ይቀርና ስስ ጉም ይመስላል።

እንግዲህ የቪዲዮውን አንድ መስመር አጉልተህ ለካ። 60 ፒክስል ከሆነ ለፊተኛው ንብርብር 200 በመቶ አሳድገው፤ ለኋለኛው ወደ 58 በመቶ አሳንሰውና ቅጂዎቹን ጎን ለጎን እየደረደርክ ፍሬሙን ሙላ። የኋለኛው ከልጁ ጀርባ እንዲገባ ልጁን በማስክ ለይተህ አውጣው። ፊት ያሉት ጠብታዎች ጥቂት ይሁኑ፤ ፎከሱ ልጁ ላይ ስለሆነም አደብዝዛቸው። ሲደበዝዙ ብርሃናቸው ስለሚበተን ይፈዝዛሉ። ብዙ ሰው የቅርቡን ነጭ አድርጎ ያሰምረዋል፤ ስህተቱ እዚያ ላይ ነው። ግንቡ ላይ ደግሞ ጥቁሩን በጥቂቱ የሚያነሳ ስስ ጉም ጨምር።

ብሩህነቱን ለመወሰን ጀርባውን ተመልከት። ጠብታ እንደ ትንሽ ሌንስ የሰፊውን ሰማይ ብርሃን ሰብስቦ ያሳያል፤ ስለዚህ ጥቁር በር ፊት ለፊት ያበራል፣ ነጭ ሰማይ ፊት ለፊት ግን ይጠፋል። ሰማዩ ላይ ነጭ መስመር ከታየህ ንብርብሩን እዚያ ላይ በማስክ አጥፋው። ቆርቆሮው ሥር፣ ዝናብ በማይደርስበት ቦታም እንዲሁ። ግቢው ውስጥ ስለታም የፀሐይ ጥላ ካለ ግን መጀመሪያ እሱን አለስልስ፤ መሬቱንም አጥቁረው።

እንደ ጥጥ ብናኝ ቀስ ብሎ የሚወርደው በረዶ ቢሆን ሒሳቡ ይለወጥ ነበር። ብናኙ በሴኮንድ አንድ ሜትር ያህል ስለሚወርድ የሚተወው 2 ሴንቲሜትር ብቻ ነው፤ ብሩህ ሰማይ ፊት ደግሞ ጠቆር ብሎ ይታያል፤ `Screen` ይህን ሊሠራ አይችልም።

የራስህን ዝናብ መቅረጽህን እደግፋለሁ፤ ከወረደው ሁሉ ይሻላል። ማታ፣ ጥቁር ጨርቅ ከኋላ ሰቅለህ፣ መብራቱን ከጎንና ትንሽ ከኋላ አድርገህ፣ በዚያው 1/50 ቅረጽ። ጠብታው ሙሉ ፍጥነቱን የሚይዘው ከከፍታ ሲወርድ ስለሆነ ጎማውን ወደ ላይ አርቀህ ርጭ፤ ከሁለት ሜትር የወደቀ ውሃ አጭር መስመር ይሰጥሃል። መብራቱ ግን የባትሪ ይሁን። ከግድግዳ ሶኬት የተሳበ መብራት ውሃ አጠገብ ሰው ይገድላል። ከቤት የሚወጣ ማራዘሚያ ገመድ እርጥብ መሬት ላይ አይዘርጋ፤ በላስቲክ ጠቅልዬዋለሁ የሚል ረዳት ቢመጣም አትስማው። የባትሪ መብራት እስክታገኝ ጎማውን አትክፈት።