የኢኮኖሚክስ ማስተርስ ቲሲስ ርዕስ፦ ዳታውም አድቫይዘሩም የሚስማሙበት (ጥያቄና መልስ)

ዛሬ የርዕስ ጥያቄ እቀበላለሁ። ቲሲስ አማክራለሁ፤ ዲፌንስ ላይም እቀመጣለሁ። አብዛኛው ተማሪ መጀመሪያ ርዕስ ይጽፋል፣ ከዚያ ፕሮፖዛል ያስጸድቃል፣ ዳታውን የሚያየው መጨረሻ ላይ ነው። እኔ ተቃራኒውን ነው የምለው። በሉ ጠይቁ።

ከሐዋሳ፦ መምህር፣ "ቴሌብር የገጠር ቤተሰብን ቁጠባ ጨምሯል ወይ?" የሚል ርዕስ ይዣለሁ። አድቫይዘሬ ግን የሚሠሩት ድርቅና ምግብ ዋስትና ላይ ነው። ርዕሱን ልተው ወይስ አድቫይዘር ልቀይር?

ሁለቱንም ከመወሰንህ በፊት ፋይሉን ክፈት። የዓለም ባንክ የማይክሮዳታ ገጽ ላይ ገብተህ `Ethiopia Socioeconomic Survey` ብለህ ፈልግ። በነፃ ተመዝግበህ፣ ለምን እንደምትፈልገው ሁለት መስመር ጽፈህ ታወርዳለህ። እስካሁን የወጣው አምስት ዙር ነው፦ 2011/12፣ 2013/14፣ 2015/16፣ 2018/19 እና 2021/22፣ ሁሉም በፈረንጅ አቆጣጠር።

ቴሌብር ሥራ የጀመረው በግንቦት 2021 ነው። አምስተኛው ዙር ገጠር ሲገባ አገልግሎቱ ገና ጨቅላ ነበር። ስለዚህ በሞባይል ገንዘብ ተጠቅመናል ያሉትን የገጠር ቤተሰቦች ቁጠር። ጥቂት ከሆኑ ርዕሱ እዚያው አበቃ፤ ማንም የሬግሬሽን ሊቅ አያድነውም። ቁጥሩ ቢበቃህ እንኳ ሌላ ችግር አለ። በመጀመሪያው ዓመት ቴሌብር የከፈተው ገበሬ ስልክ ያለው፣ ከተማ የሚመላለስ፣ ቀድሞም ገንዘብ የሚያንቀሳቅስ ሰው ነው። ካልከፈተው ጎረቤቱ ጋር ስታወዳድረው የምትለካው የቴሌብርን ሥራ ሳይሆን የሀብት ልዩነትን ነው።

አሁን ራስህን ጠይቅ፤ ማወቅ የፈለግከው በእርግጥ ቴሌብርን ነው? ካነጋገርከኝ እንደተረዳሁት፣ የገጠር ቤተሰብ ክፉ ቀን ሲመጣ በምን ይወጣዋል የሚለው ነው የሚያሳስብህ። እሱ ደግሞ አድቫይዘርህ ደጃፍ ላይ ያለ ጥያቄ ነው።

ዳታው ለዚህ የተመቸ ነው። የ2015ቱ ክረምት፣ በእኛ የ2007 ማብቂያ ማለት ነው፣ በኤልኒኞ የተነሳ በብዙ ቦታ ከሸፈ። የሁለተኛው ዙር የፍጆታ ጥያቄ የተጠየቀው ከየካቲት እስከ ሚያዝያ 2014 አካባቢ ነው። ሦስተኛው ዙር ደግሞ በ2016 በተመሳሳይ ወራት። ቤተሰቦቹ ያው ናቸው፣ ወቅቱም ያው ነው፣ መሃል ላይ የከሸፈው ክረምት አለ። ይህን ያህል የተመቸ አጋጣሚ ቶሎ አይገኝም። ጥያቄህ እንዲህ ይሆናል፦ ዝናቡ በቀረባቸው ቀበሌዎች ፍጆታ ምን ያህል ወረደ፣ ብድር የማግኘት ዕድል የነበራቸው ቤተሰቦችስ ያነሰ ወረደባቸው?

መጀመሪያ ስንት ቤተሰብ በሁለቱም ዙር እንደተገኘ እይ፦

```
use sect_cover_hh_w2.dta, clear
merge 1:1 household_id2 using sect_cover_hh_w3.dta
tab _merge rural
```

`_merge` ላይ 3 የወጣለት ያንተ ሰው ነው። የጠፉት ከቀሩት ይለዩ እንደሆነ በአንድ ሰንጠረዥ አሳይ፤ ኮሚቴው መጠየቁ አይቀርም።

ቀጥሎ ዝናቡ። "ድርቅ አጋጥሞሃል?" የሚለውን የቤተሰቡን መልስ ብቻ አትያዝ። የተራበ ሰው ድርቁን ይበልጥ ያስታውሳል፤ ስለዚህ ምክንያቱና ውጤቱ ይደበላለቁብሃል። ቺርፕስ የሚባለውን የሳተላይት የዝናብ መረጃ ውሰድ። ከ1981 ጀምሮ አለ፣ በነፃ ይገኛል፣ እያንዳንዱ ነጥብ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ይሸፍናል። ነገር ግን ጥናቱ የሚያወጣው የቦታ መጋጠሚያ ሆን ተብሎ የተዛባ ነው። የቤተሰቦቹ ማንነት እንዳይታወቅ ሲባል ገጠር ላይ እስከ አምስት ኪሎ ሜትር፣ ለጥቂቶቹም እስከ አሥር ይገፉታል። ስለዚህ የአንድ ነጥብ ዝናብ ላይ አትመካ። ዙሪያውን አማክለህ ውሰድ፣ ከዚያ ከቦታው የረጅም ዓመት አማካይ ምን ያህል እንደራቀ አስላ።

አንድ የሚረሳ ነገር ልጨምር። ቤተሰቦቹ በሺህ ቢቆጠሩም የአንድ ቆጠራ ቦታ ሰዎች የሚጋሩት ዝናብ አንድ ነው። የገጠሩ ናሙና ከሦስት መቶ ባነሱ ቦታዎች ላይ ነው የተመሠረተው። ስታንዳርድ ኤረርህን በቆጠራ ቦታ ክላስተር ካላደረግክ ሁሉም ነገር "ሲግኒፊካንት" ይወጣልሃል። እንዲህ ዓይነት ውጤት ሳይ ወዲያው እጠረጥራለሁ።

የ2014ን ብር ከ2016 ብር ጋር ሳታስተካክል አታወዳድር። እርዳታውንም አትርሳ። በዚያ ዓመት የምግብ እርዳታው ብዙ ነበር፣ የሚሄደውም ድርቁ ወደበረታበት ነው። ፍጆታ ብዙ ካልወረደ "ድርቁ አልጎዳም" ብለህ እንዳትጽፍ። እርዳታው ሸፍኖት ይሆናል። ሁለቱን ሙሉ ለሙሉ መለየት በዚህ ዳታ የሚቻል አይመስለኝም። እንደ ድክመት ጻፈው።

የመስኖ ልጅ፦ ለምን በሁለት ዙር ይገደባል? አምስቱንም አገናኝቶ የአሥር ዓመት ፓናል መሥራት ይችላል እኮ። ዳታ በበዛ ቁጥር ይሻላል።

ግማሹ ልክ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ዙሮች አንድ ፓናል ናቸው። በ2018/19 ግን ናሙናው አዲስ ሆኖ ተመርጧል፤ አምስተኛው ዙር የተመለሰው ወደ እነዚያ አዲስ ቤተሰቦች ነው፣ ትግራይ ደግሞ በጦርነቱ ምክንያት አልተካተተም። ስለዚህ ያሉት ሁለት የተለያዩ ፓናሎች ናቸው። አምስቱን ደራርቦ የቤተሰብ ፊክስድ ኢፌክት የሚያስገባ ሰው የሌለ ድልድይ ላይ እየሄደ ነው።

ባንከሩ፦ ባንክ ነው የምሠራው፣ ጊዜ የለኝም። አድቫይዘሬ ታይም ሲሪስ ይወዳሉ። ከ1985 እስከ 2022 የዋጋ ንረትና የበጀት ጉድለት በኤአርዲኤል ልሥራ? 38 ዓመት ይበቃል አይደል?

ያልፋል። ብዙዎች በዚህ ተመርቀዋል። ግን 38 መስመር ብቻ ነው ያለህ። አምስት ተለዋዋጭ ከነላጋቸው ስታስገባ የሚተርፍህ ትንሽ ነው፤ ላጉን በአንድ ስትቀይር ምልክቱ ይገለበጣል። ይህን ራስህ ሞክረው። ከተገለበጠ ዲፌንስ ላይ ሌላ ሰው ሞክሮት ከሚነግርህ ይሻላል። በዚያ ላይ 1991 የሥርዓት ለውጥ አለ፣ 1993 ኤርትራ ተለየች። የተከታታዩ መጀመሪያና መጨረሻ የሚናገሩት ስለ አንድ ዓይነት ኢኮኖሚ አይደለም።

ሌላው የዓመት ጉዳይ ነው። የብሔራዊ ባንክ ሪፖርት በበጀት ዓመት ነው፣ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30። የ2008 በጀት ዓመት ከሐምሌ 2015 እስከ ሐምሌ 2016 በፈረንጅ ይዘልቃል። የዓለም ነዳጅ ዋጋ ግን በጃንዋሪ ይጀምራል። ሁለቱን ጎን ለጎን ለጥፈህ ከሄድክ ግማሽ ዓመት ተንሸራተሃል። ነዳጁን በየወሩ አውርደህ ራስህ በበጀት ዓመት አማክለው። ከ`WDI` የምትወስደውን ደግሞ የበጀት ዓመቱን በየትኛው ዓመት ስር እንዳስቀመጠው ማብራሪያውን አንብብ።

እኔ ብሆን የዓመቱን ትቼ ወርሃዊ የዋጋ ኢንዴክስ እወስድ ነበር። በጀቱ በወር ስለማይገኝ ጥያቄው ይቀየራል፤ ለምሳሌ የምንዛሪ ዋጋ ወደ ምግብ ዋጋ በስንት ወር ይደርሳል ወደሚል። አድቫይዘርህ የሚወዱት ታይም ሲሪሱን እንጂ በጀቱን ካልሆነ እሺ ይሉሃል።

ሌላ ተማሪ፦ እኔ ግን በኤአርዲኤል ሠርቼ ኤ አግኝቻለሁ። የማይሠራ ነገር አታስመስሉት።

አልተባለም፣ ወንድሜ። ውጤትና ጥንካሬ ግን ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም። በዚህ ላይ እኔና የሥራ ባልደረቦቼም አንስማማም።

ከሪያድ፦ እኔ በየወሩ ለቤተሰብ እልካለሁ። በባንክና በሰው እጅ የሚላከው ልዩነት ስንት እንደሆነ ትነግሩኛላችሁ? ልጄ ማስተርስ ላይ ናት፣ በዚሁ ትሥራ እላታለሁ።

የዛሬውን ምንዛሪ እኔ ጋ አያገኙም፣ ጋሼ። ለልጅዎ ግን ጥሩ መነሻ ነው። ብሔራዊ ባንክ የሚቆጥረው በመደበኛው መንገድ የገባውን ነው፤ በሰው እጅ የሄደው አይታይም። ብር በሐምሌ 2024 በፈረንጅ በገበያ ዋጋ ሲለቀቅ ሰው ወደ ባንክ ቢመለስ ቁጥሩ ያድጋል፣ የተላከው ገንዘብ ግን ባይጨምርም። ይህን መለየት ከባድ ነው፤ ቲሲስ ላይ ብቻውን አልመክርም። የቤተሰብ ጥናቱ የተቀበለውን ቤተሰብ ይጠይቃል፣ ስለ ላኪው ግን ብዙ አይነግራትም። ተቀባይ ቤተሰቦች ገንዘቡን በምን ላይ እንደሚያውሉት ብትሠራ ይቀላታል።

ከደብረ ማርቆስ፦ ዲፓርትመንታችን ስለ ዞናችን ካልሆነ አይቀበልም። ከዚሁ ዳታ የእኛን ዞን ብቻ ባወጣስ?

አታውጪ። አንድ ዞን ውስጥ የሚገኙት የቆጠራ ቦታዎች ጥቂት ናቸው፤ ዞኑን አይወክሉም። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ዙሮች በክልል ደረጃ እንኳ የሚወክሉት አማራን፣ ኦሮሚያን፣ የድሮውን ደቡብና ትግራይን ነው፤ ከሁለተኛው ጀምሮ አዲስ አበባ ተጨምሯል። ሁሉንም ክልል የሚወክለው አራተኛው ነው። አማራን በሙሉ ወስደሽ፣ የዞንሽን በራስሽ ትንሽ መጠይቅ ደግፊው። መጠይቁን ስታዘጋጂ የብሔራዊውን ጥናት ጥያቄዎች ቃል በቃል ውሰጂ፤ የማስታወሻ ጊዜውም ሳይቀር። ሰባት ቀን ያለውን ወር ካደረግሽው ሁለቱ አይወዳደሩም።

ስም የለኝም፦ አድቫይዘሬ "አንቺ ምረጪ" ብለው ዘጉኝ። የሚወዱትን እንዴት ልወቅ?

ያማከሯቸውን ቲሲሶች ከዩኒቨርሲቲሽ ማከማቻ አውጪ። የአዲስ አበባ ከሆንሽ `etd.aau.edu.et` ላይ በአማካሪ ስም መፈለግ ትችያለሽ። ርዕሱን ሳይሆን ዘዴውን እይ። ተማሪዎቻቸው በሙሉ ሎጂት ከሠሩ፣ የማያውቁት ዘዴ ይዘሽ ብትሄጂ ረቂቅሽ ጠረጴዛ ላይ ይከርማል። የቅርብ ጽሑፎቻቸው መደምደሚያ ላይ "ወደፊት ይጠና" ያሉትንም አንብቢ፤ አንዳንዴ ርዕስሽ እዚያ ተጽፎ ይገኛል።

ከዚያ አንድ ገጽ ይዘሽ ሂጂ። ጥያቄሽ በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ ስሩ ስንት ቤተሰብ እንዳለሽና ዋናው ተለዋዋጭሽ ስንቱ ላይ እንደተሞላ የሚያሳይ ሰንጠረዥ። "ምረጪ" ያሉ ሰው ሰንጠረዥ ሲያዩ ማስተካከል ይጀምራሉ።

የራሴ ዳታ አለ፣ እሰጥሻለሁ ካሉሽ ደስ ይላል። ግን ፋይሉ እጅሽ ሳይገባ ፕሮፖዛል አታስገቢ።