የዋቢ ሸበሌን ጎርፍ ሙቀቱ አባሰው ያሉት በምን አውቀው ነው?

ጥያቄ፦ «ጎዴ አጠገብ ወንዝ ዳር በቆሎና ሽንኩርት አለማለሁ። በ2014 ዝናብ ጠፍቶ ፍየሎቼ አለቁ። በ2016 ደግሞ ዋቢ ሸበሌ ሞልቶ በቆሎውንም የውሃ ሞተሬንም ወሰደ። ሬዲዮ ላይ የዓለም ሙቀት ዝናቡን እጥፍ አደረገው ሲሉ ሰማሁ። ጎርፍ ድሮም ነበር፤ በምን ለዩት? ከወንዙ ዳር ልነሳ?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ ስለ ፍየሎቹ ከልቤ አዝኛለሁ። ጎርፍ ድሮም ነበር ማለትህ ልክ ነው። አጥኚዎቹም ጎርፉን ሙቀቱ ፈጠረው አላሉም። ያሉት ሌላ ነገር ነው፤ ዜናው ሲያጥር ትርጉሙ ተንሸራተተ።

ዩሪያ ምርትህን ስንት እንደጨመረ ማወቅ ብትፈልግ ምን ታደርጋለህ? ከጎኑ ዩሪያ ያልነካው መደብ ታስቀራለህ። ሁለቱን ለየብቻ አጭደህ ትመዝናለህ፣ ልዩነቱ የዩሪያው ነው። ምድር ግን አንድ ናት። ጭስ ያልገባባት፣ ያልሞቀች ሌላ ምድር ከጎኗ የለችም። የእነዚህ ሰዎች ሥራ ያንን ያልተነካ መደብ በስሌት መሥራት ነው።

ያንተን ጎርፍ ያጠናው ወርልድ ዌዘር አትሪቢውሽን የሚባለው የሳይንቲስቶች ቡድን ነው። ውጤቱን ያወጡት በዚያው በ2016 ኅዳር መጨረሻ፣ ውሃው ገና ሳይጎድል ነበር። መጀመሪያ የወሰኑት ምን እንደሚለኩ ነው። ደቡብ ኢትዮጵያን፣ ሶማሊያንና ምሥራቅ ኬንያን አንድ ላይ ወስደው፣ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ ባለው በዴር ወቅት ከሁሉ የከፋው የ30 ቀን ዝናብ ስንት ነው ብለው ጠየቁ። ይሄ ትንሽ ነገር እንዳይመስልህ። በጣም የተጎዳችውን አንዲት ቀበሌ ብቻ መርጠህ ብትለካ ማንኛውም ዝናብ ታይቶ የማይታወቅ ይመስላል። ቦታውንና የቀኑን ብዛት አስቀድመህ ስትቆርጥ ግን ራስህን አታታልልም።

ከዚያ የቆየውን የዝናብ መዝገብ ያወጣሉ። ምድር በሞቀች ቁጥር የዚህ ወቅት ከባድ ዝናብ አብሮ ጨምሯል ወይ ብለው ያያሉ። እዚህ ላይ ግን አንድ ችግር አለ። በ2016 የህንድ ውቅያኖስ በእኛ በኩል ያለው ውሃ ሞቆ፣ በኢንዶኔዥያ በኩል ያለው ቀዝቅዞ ነበር። የህንድ ውቅያኖስ ዳይፖል የሚሉት ይሄ ነው። እንዲህ ሲሆን ዴር ይበረታል፣ ድሮም እንዲሁ ነበር። ዩሪያ የጨመርክበት መደብ ላይ ምርጥ ዘርም ዘርተህ ከሆነ፣ ጭማሪውን በሙሉ ለዩሪያ ልትሰጠው አትችልም አይደል? እነሱም የውቅያኖሱን ድርሻ ለብቻ፣ የሙቀቱን ድርሻ ለብቻ አስልተዋል።

መዝገብ ብቻውን ስለማይበቃ ወደ ኮምፒውተር ይሄዳሉ። የአየር ንብረት ሞዴል የሚባሉ ብዙ ፕሮግራሞች አሉ፣ ሁሉም ግን አይታመኑም። የእኛን አካባቢ ሁለት የዝናብ ወቅቶች በትክክለኛው ወር ማሳየት ያልቻለውን ይጥሉታል። የቀሩትን በዛሬዋ ምድር ያስኬዷቸዋል፣ ከዚያም 1.2 ዲግሪ ቀዝቃዛ በሆነች ምድር። ያ ቀዝቃዛው ነው ዩሪያ ያልነካው መደብ።

ያገኙት ይሄ ነው፦ የሙቀት መጨመር ዝናቡን እስከ እጥፍ አክብዶት ሊሆን ይችላል፣ የውቅያኖሱ ድርሻም ከዚያ ጋር ተቀራራቢ ነው። «እስከ» የምትለዋን ቃል አትዝለላት። ሞዴሎቹ በመጠኑ ላይ እርስ በርሳቸው ይለያያሉ፣ ስለዚህ ቁጥሩ ሰፊ ነው፤ አጥኚዎቹም ይህን አልደበቁም። ሁለተኛ፣ እጥፍ የሆነው የዝናቡ መጠን እንጂ የሚመጣበት ዕድል አይደለም። ለምሳሌ ያህል ዛሬ 200 ሚሊ ሜትር የጣለው ዝናብ በቀዝቃዛዋ ምድር እስከ 100 ሊወርድ ይችል ነበር ማለት ነው። ጎርፍ በየዓመቱ እጥፍ ይመጣል ማለት አይደለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው።

የሚያጠኑት ዝናብን ሳይሆን የቀኑን ሙቀት ሲሆን ሥራው ይቀላል። የሞቀች ምድር ላይ የሞቃት ቀን ጣሪያም አብሮ ከፍ ይላል፣ መዝገቡም ሞዴሉም ብዙ ጊዜ አንድ ነገር ይናገራሉ። ዝናብ ግን ከሙቀት ሌላ በነፋስና በውቅያኖስ ይገዛል። አየር በአንድ ዲግሪ ሲሞቅ ወደ 7 በመቶ የሚጠጋ ተጨማሪ እንፋሎት መያዝ ይችላል፣ እንፋሎቱ የት እንደሚወርድ ግን ይህ ስሌት አይነግርህም።

እኔ የማምናቸው ሁሌ «አዎ» ስለማይሉ ነው። በ2007 ክረምት መሐልና ሰሜን ምሥራቅ ኢትዮጵያን የመታውን ድርቅ ያጠኑት ኤልኒኖ፣ ማለትም የፓስፊክ ውቅያኖስ መሞቅ፣ እንዳባሰው አዩ፣ የሙቀት መጨመርን አሻራ ግን አላገኙም፤ እንደዚያው ጻፉት። በ2016 በልግ ኬንያን ያጥለቀለቀው ዝናብ ላይ ደግሞ ያገኙት ጭማሪ 5 በመቶ ገደማ ብቻ ነው።

ፍየሎችህን የጨረሰው ድርቅ ታሪኩ ሌላ ነው። ከ2013 ጥር እስከ 2015 ታኅሣሥ ያለውን ሁለት ዓመት ነው ያጠኑት። የሁለቱን ዓመት ዝናብ ደምረው ሲያዩት፣ ሙቀት መጨመር ያመጣው ለውጥ አልታያቸውም። ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሚጥለው የጉ ዝናብ የመክዳት ዕድሉ እጥፍ ገደማ ሆኗል፣ ዴር ደግሞ እየበረታ ነው፤ የኤልኒኖ ተቃራኒ የሆነው ላኒና ባይዘው ኖሮ ያካክሰው ነበር። ታዲያ ድርቁ ከየት መጣ? ከትነት። የዘነበውንም ጥቂት ውሃ ሙቀቱ ከአፈሩና ከቅጠሉ መጠጠው። ዝናቡንና ትነቱን አንድ ላይ ሲያሰሉ፣ እንዲህ ያለው ድርቅ የመከሰት ዕድሉ ቢያንስ ወደ 100 እጥፍ አድጎ ተገኘ። ሣሩ ብቅ ብሎ ወዲያው ሲደርቅ ያየኸው ይሄንን ነው።

ስለ ማሳህ ልንገርህ። ጥናቱ የለካው ዝናብን ነው፣ አንተ ማሳ ላይ የቆመውን ውሃ አልለካም። ዋቢ ሸበሌ ከአርሲና ከባሌ ደጋ ነው የሚነሳው፣ የደጋው ዝናብ አንተ ጋ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው። ወንዙ ስንት ደለል እንደሞላ፣ ዳሩ የት ጋ እንደተቦረቦረ፣ ድርቁ መሬቱን ምን ያህል እንዳራቆተው ጥናቱ ውስጥ የለም። እነዚያን ከእኔም ከእነሱም በላይ አንተ ታውቃቸዋለህ።

ስለዚህ ተነሣ አልልህም። የወንዝ ዳር አፈር ከሄደ በኋላ አይገኝም። የምመክርህ ዓመቱን እያየህ እንድትሠራ ነው። የዴር ትንበያ ወቅቱ ሲቃረብ ይወጣል፣ የሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩትን ጠይቅ ወይም የቀበሌህን የግብርና ባለሙያ ያስጠይቅልህ። ኤልኒኖና የህንድ ውቅያኖሱ ሙቀት አንድ ላይ መጥተዋል ካሉህ፣ ያ ለአንተ የጎርፍ ዓመት ሊሆን ይችላል። ሽንኩርቱን በዚያ ዓመት ወደ ከፍታው አውጣው። በቆሎህ ቶሎ የሚደርስ ዘር ይሁን፤ ቀድመህ ዝራው፣ ዝቅ ባለው መደብ ላይ ግን አትዝራ። ሞተሩን ከመሠረቱ ፈትተህ ማውጣት እንድትችል በቡሎን እሰረው እንጂ በሲሚንቶ አትቅበረው። ጎርፉ ከመጣ ደግሞ ውሃው ሲሸሽ በሚቀረው እርጥበት ማሽላና አደንጓሬ ለመዝራት ዘር አስቀምጥ፤ ጎረቤቶችህ ዘር ፍለጋ ሲሄዱ አንተ ትዘራለህ።